ኦክሉዥን ከሊንግ ሳበራው ፍጥነቱ ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ «በዩኒቲ ብዙ ክፍል ያለው ቢሮ እየሠራሁ ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ ፋይል፤ ሲኑ ጢም ብሏል። ኦክሉዥን ከሊንግ ቤክ አድርጌ ሳበራው ይፈጥናል ስል ጭራሽ ወረደ። ፍረስተም ከሊንግ ብቻውን ይበቃ ነበር ማለት ነው? መቼ ላብራው፣ መቼ ላጥፋው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ፍረስተም ከሊንግ ከካሜራው እይታ ውጭ ያለውን፣ ኦክሉዥን ከሊንግ ደግሞ ከሌላ ነገር ጀርባ የተጋረደውን እንዳይሳል ይቆርጣል። ሁለቱም በነጻ አይገኙም። ሲፒዩው «ይሄ ይታያል፣ ያ አይታይም» እያለ ሲፈትሽ ጊዜ ያጠፋል። ያንን የምታደርገው ከዚያ የበለጠ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ለማትረፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ የሚያዘገይህ ማን እንደሆነ ነው። ጂፒዩው ተጨናንቆ ሲፒዩው እየጠበቀው ከሆነ፣ ሲፒዩው ላይ አንድ ሚሊሰከንድ ብትጨምር ምንም አይሰማህም። የሚያዘገየው ሲፒዩው ራሱ ከሆነ ግን ያቺ ሚሊሰከንድ በቀጥታ ፍሬምህ ላይ ትጨመራለች። ያንተ ነገር ሁለተኛው ይመስለኛል።

ማረጋገጡ ከባድ አይደለም። `VSync` አጥፋ። ኤዲተሩ ውስጥ አትለካ፤ ጨዋታው በሚሮጥበት ማሽን ላይ ቢልድ አድርገህ ፕሮፋይለሩን አገናኘው። `Gfx.WaitForPresentOnGfxThread` ብዙ ጊዜ ከወሰደ ሲፒዩው ሥራውን ጨርሶ ጂፒዩውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ሬንደር ትሬዱ የመሳል ትእዛዝ በመላክ ከተጠመደ ግን ያዘገየው ሲፒዩው ራሱ ነው። ሌላው ዘዴ ሪዞሉሽኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ፍሬሙ በደንብ ከፈጠነ ሸክሙ ፒክስል ላይ ነበር። ካልተነቃነቀ ሸክሙ ሲፒዩ ላይ ወይም ቨርቴክስ ላይ ነው።

ስትለካ በኤፍፒኤስ ሳይሆን በሚሊሰከንድ አስብ። ከ200 ወደ 180 ብትወርድ ያጣኸው 0.56 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከ60 ወደ 54 ብትወርድ ግን 1.85 ነው። ሁለቱም «አሥር በመቶ ቀነሰ» ይባላሉ፤ ኪሳራቸው ግን አይገናኝም።

ለማነጻጸር ይቺን ካሜራው ላይ ለጥፋት፤ O በተጫንህ ቁጥር ኦክሉዥኑን ታበራዋለች ወይም ታጠፋዋለች፦

```csharp
void Update() {
    if (Input.GetKeyDown(KeyCode.O)) {
        var c = Camera.main;
        c.useOcclusionCulling = !c.useOcclusionCulling;
    }
}
```

ከዚያ ሁለት ቦታ ቆመህ ሞክር። አንደኛ፣ ጥግ ላይ ቆመህ ሕንፃውን በረጅሙ እያየህ። ሁለተኛ፣ ወደ ውጭው ግድግዳ ዞረህ። የመጀመሪያው ላይ ካላተረፈህ ሌላ ቦታ እንደሚያተርፍህ አትጠብቅ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ፍረስተሙ ሁሉንም ነገር ስለቆረጠው ለኦክሉዥን የሚተርፈው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ አቅጣጫ የምታየው ልዩነት ንጹሕ ወጪው ነው።

አሁን ለምን እንደሚከስር በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው፤ የራስህን አስገባባቸው። 40 ክፍል አለ እንበል፤ እያንዳንዱ 150 ዕቃ ይዟል። ድምሩ 6,000 ነው። ፍረስተም ከሊንግ የዕቃውን ሳጥን ከስድስት ጠለሎች ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። አንዱ ፍተሻ 20 ናኖ ሰከንድ ቢወስድ ለሁሉም 0.12 ሚሊሰከንድ ነው። ይሄን ለማጥፋት አትድከም።

ሕንፃውን በረጅሙ ስታይ 1,500 ዕቃ ፍረስተሙ ውስጥ ቀረ እንበል። ከነዚህ 210 ያህሉ በእውነት ይታያሉ፤ ያለህበት ክፍልና በበሩ በኩል የሚታየው ማለት ነው። 1,290ው ከግድግዳ ጀርባ ነው። እያንዳንዱ በራሱ ድሮው ኮል፣ ማለትም ሲፒዩው ለጂፒዩው በሚሰጠው የመሳል ትእዛዝ፣ ቢላክና አንዱ ሲፒዩው ላይ 5 ማይክሮ ሰከንድ ቢወስድ፣ የማይታዩት ብቻ 6.45 ሚሊሰከንድ ይበላሉ። የኦክሉዥን ፍተሻው ለአንዱ 1 ማይክሮ ሰከንድ ቢሆን ለ1,500ው 1.5 ሚሊሰከንድ ከፍለህ 6.45 ታድናለህ። እዚህ ጋ ማብራቱ ግልጽ ነው።

አሁን ያንኑ ሲን ትንሽ እንለውጠው። የቢሮ ዕቃ ተደጋጋሚ ነው፤ ያው ወንበር፣ ያው ጠረጴዛ። 30 ዓይነት ብቻ ነው እንበልና በ`Graphics.RenderMeshInstanced` በዓይነት በዓይነት ሰብስበህ ላክኸው። 1,500ው ድሮው ኮል 30 ሆነ፤ ወጪው 0.15 ሚሊሰከንድ። ከዚህ ላይ ኦክሉዥን ምን ሊያድንልህ ይችላል? ሲፒዩው ላይ ምንም። ጂፒዩው ላይ 1,290 ዕቃ እያንዳንዱ 500 ትሪያንግል ቢኖረው 645,000 ትሪያንግል ነው። ለዴስክቶፕ ካርድ ይሄ አንድ ሚሊሰከንድ የሚሞላ ሥራ አይደለም። ለዚያ ስትል 1.5 ሚሊሰከንድ ሲፒዩ ላይ ከከፈልህ፣ የዘበኛው ደሞዝ ከሚጠብቀው ዕቃ በለጠ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዩኒቲ በዚህ መንገድ የላክኸውን አንድ በአንድ አይፈትሽልህም። ፍተሻውንም፣ በየፍሬሙ ዝርዝሩን እንደገና መሥራቱንም ራስህ ትሸከማለህ።

«ፒክስሉስ?» ትለኝ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ከግድግዳ ጀርባ ያለ ዕቃ ፒክስሉ ብዙውን ጊዜ አይቀባም። ግድግዳው ቀድሞ ከተሳለ ጂፒዩው ጥልቀቱን አይቶ ሼደሩ ሳይሮጥ ይጥለዋል። ዩኒቲም ኦፔክ ዕቃዎችን በጥቅሉ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው የሚደረድራቸው። ስለዚህ ኦክሉዥን ከሊንግ በዋናነት የሚያድነው ድሮው ኮልና ቨርቴክስ ነው። ይሄን የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች አሉ። መስታወትና ሌላ ትራንስፓረንት ነገር ከሩቅ ወደ ቅርብ ስለሚሳል እርስ በርሱ አይጋረድም። ቅጠል ዓይነት፣ ሼደሩ ውስጥ ፒክስል የሚጥል ማቴሪያል ደግሞ ይሄን ጥቅም ያዳክመዋል። ስልክ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እዚያ ቨርቴክሱ ራሱ ይከብዳል፣ ኦክሉዥንም ቶሎ ያዋጣል።

ሒሳቡን በአንድ መስመር ብትፈልገው ይሄው፦

```
p × D > T
```

`p` ዕቃው የተጋረደ የመሆን ዕድል ነው። `D` እሱን አለመሳል የሚያድነው ጊዜ፣ `T` ደግሞ የፍተሻው ዋጋ። የታጨቀ ቤት ውስጥ ችግሩ `D` ነው። እስክሪብቶ፣ ፋይል፣ ኩባያ እያንዳንዳቸው ርካሽ ናቸው፤ `T` ግን ለእስክሪብቶም ለአልጋም ያው ነው። `p` ከፍ ብሎም ሊያከስርህ ይችላል።

መፍትሔው ከዚያው ይወጣል። የሚፈተሸውን ነገር አሳድገው። ዕቃ በዕቃ ሳይሆን ክፍል በክፍል ፈትሽ። የአንድ ክፍል ትንንሽ ዕቃዎችን አንድ ላይ አዋሕዳቸው፤ ጠረጴዛውና ላዩ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ሜሽ ይሁን። 6,000 ፍተሻ የነበረው ጥቂት መቶ ይሆናል። ከክፍል ግን አትለፍ። የፎቁን ወንበር ሁሉ አንድ ሜሽ ካደረግኸው ሳጥኑ ሕንፃውን ያክላል፤ ሁሌም ከፊሉ ስለሚታይ ፍረስተሙም ኦክሉዥኑም አይቆርጠውም። የዩኒቲ ስታቲክ ባቺንግ ይሄ ችግር የለበትም፤ ቨርቴክሱን አንድ ቦታ ቢያስቀምጥም እያንዳንዱ ሬንደረር ለብቻው ይፈተሻል።

ሁለተኛው ቼክ የምታደርገው ነገር ቤክ ያደረግህበት ሴቲንግ ነው። `Smallest Occluder` ካልነካኸው 5 ሜትር ላይ ነው። ቤት ውስጥ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ የሚጋርድ ነገር ተብሎ ላይቆጠር ይችላል። ፍተሻውን ትከፍላለህ፣ የሚቆረጥልህ ግን የለም። ያንተም ሲን እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ወደ 2 ወይም 2.5 አውርደውና እንደገና ቤክ አድርግ። ወደ 0.3 ግን አትውረድ፤ ወንበሩ ሁሉ ይጋርዳል ተብሎ ዳታው ያብጣል፣ ፍተሻውም ይከብዳል። `Occluder Static` የሚለውን ለግድግዳ፣ ለወለልና ለጣሪያ ብቻ ስጥ፤ ዕቃዎቹ `Occludee Static` ይብቃቸው። መደርደሪያ በፋይል ቢሞላም `Occluder Static` አትስጠው፤ ክፍተት ይኖረዋል። `Smallest Hole` ከዚያ ክፍተት ከበለጠ ደግሞ በቀዳዳው መታየት ያለበት ዕቃ ድንገት ይጠፋል። የሚከፈት በር `Occlusion Portal` ይሁን፤ ስታቲክ ካደረግኸው ሲከፈት ከጀርባው ባዶ ታያለህ።

ሰው የሚረሳው ጥላ ነው። ጥላ የሚጥል ፖይንት ላይት ስድስት አቅጣጫ አለው፤ ለእያንዳንዱ ማን እንደሚሳል መለየት ያስፈልጋል። አራት እንዲህ ዓይነት መብራት ካለህ፣ ከዋናው ካሜራ ጋር እስከ 25 እይታ ይሆናል። ያ «ርካሽ» ያልነው 0.12 ሚሊሰከንድ በ25 ቢባዛ 3 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያ ላይ ካሜራው የማያየው ወንበር ጥላው ሊታይ ስለሚችል ለካሜራው የተቆረጠው ሁሉ ለመብራቱ አይቆረጥም። የመብራቱን `Range` ከክፍሉ አታሳልፈው፤ ለትንንሽ ዕቃ `Cast Shadows` አጥፋ። ብዙ ጊዜ ከኦክሉዥኑ ጭቅጭቅ ይልቅ ይሄ የበለጠ ያተርፋል።

የራስህን ሬንደረር የምትጽፍ ከሆነ በጂፒዩ ኦክሉዥን ኩዌሪ እያንዳንዱን ዕቃ አትፈትሽ። የፍተሻው ሳጥን ራሱ ድሮው ኮል ነው። ውጤቱን በዚያው ፍሬም ከጠበቅህ ሲፒዩው ጂፒዩው እስኪደርስ ይቆማል። ያለፈውን ፍሬም ውጤት ከተጠቀምህ ደግሞ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ዕቃ ዘግይቶ ብቅ ይላል። ለክፍሎች ከሆነ በሮቹን ፖርታል አድርገህ፣ ፍረስተሙን በበሩ ልክ እያጠበብህ ወደሚቀጥለው ክፍል ማለፍ በጣም ይረክሳል። ከቆምህበት ክፍል የሚታዩ በሮች ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግድግዳው በሙሉ መስታወት የሆነ፣ ክፍት አዳራሽ የሚበዛበት ሕንፃ ላይ ግን ፖርታልም ኦክሉዥንም ብዙ አይረዳም። እዚያ `p` ራሱ ትንሽ ነው፤ ፍረስተምን፣ ኢንስታንሲንግንና ሩቅ ያለውን ዕቃ በቀለለ ሜሽ የሚተካውን ኤልኦዲ ይዘህ ኦክሉዥኑን አጥፋው።

በል `Smallest Occluder`ን አስተካክለህ፣ ዕቃውን በክፍል አዋሕደህ ያንኑ ቁልፍ እየተጫንህ ለካ። ከዚያ ፕሮፋይለሩ ላይ ያለውን የከሊንግ ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ ስክሪንሾት አድርገህ ላክልን። ለስልክ ነው ወይስ ለፒሲ የምትሠራው? እሱንም ንገረን።