ግራመሩ የተበላሸ ጥሩ ድርሰት ስንት ይሰጠው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ደወለልኝ። ድሬዳዋ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን እሱም እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። «ቲቸር፣ አንድ ፔፐር ይዤ ተቸግሬያለሁ» አለኝ። «ታሪኩ ልብ ይነካል። ግራመሩ ግን ከላይ እስከ ታች የተበላሸ ነው። ይዘት ላይ ስንት ልስጠው?»

የመሰለኝን ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ። ለሱም፣ ድርሰት ማረም ለጀመራችሁ ለእናንተም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። የደቻቱ ጎርፍ ከተማችንን የመታው በ1998 ክረምት ስለነበር ሐዘኑ ገና አልወጣልንም። የእንግሊዝኛ ፈተናው የድርሰት ጥያቄ «የማትረሱትን አንድ ቀን ጻፉ» ይላል። የድሬ ቀን ሙቀት ወረቀት ላይ አያስቀምጥም። እኔ ሲመሽ ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥቼ ነበር የማርመው። ሐረር የሚያስተምሩ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ እነሱ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ይችላሉ።

ከክምሩ ውስጥ የአንድ ልጅ ፔፐር ወጣ። ሁለት ገጽ ከግማሽ ጽፏል። መጀመሪያ የሰሙት ድምፁን ነው ይላል። አባቱ የመኪና ድምፅ ነው ብሎ መልሶ ተኛ። ከዚያ ውሃው በበሩ ሥር ገባ። እናቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን አልለቅም ብላ የመኪናውን እግር ይዛ ቀረች፤ ልጁ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። መኪናው ከነእግሩ ሄደ። ይህን ሁሉ የጻፈው በአሁን ጊዜ ግስ ነው። «ዋተር ኢዝ ካም» ይላል። «ማይ ማዘር ኢዝ ክራይ» ይላል። ጎርፍ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስላላወቀ ከዳር እስከ ዳር «ቢግ ዋተር» ብሎታል። አርቲክል የሚባል ነገር አይታይም። ግን አንድም ቦታ ምን ማለት ፈልጎ ነው ብዬ አልቆምኩም።

የምናርመው በአምስት መስፈርት ነበር። ሆሊ ጃኮብስና ባልደረቦቿ በ1981 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማሩ ያወጡት መለኪያ ነው። ይዘት 30፣ አደረጃጀት 20፣ ቃላት 20፣ ሰዋስው 25፣ ሥርዓተ ጽሕፈት 5፤ ድምሩ 100። እያንዳንዱ መስፈርት አራት እርከን አለው። በየእርከኑ ሥር ምን ዓይነት ጽሑፍ እዚያ እንደሚገባ ተጽፏል። ዋናው ነገር ያ ጽሑፍ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት መምህር ሩብሪኩን ከቴሌግራም ያወርድና ቁጥሮቹን ብቻ ይገለብጣል። መግለጫውን አያነብም። መግለጫው ካልተነበበ መስፈርቱ አምስት ሳጥን ብቻ ነው፤ ሳጥኑን የሚሞላው የመምህሩ ስሜት ይሆናል።

እኔ ለልጁ ይዘት ላይ 26 ሰጠሁ። ከ27 እስከ 30 ያለው ከፍተኛው እርከን ርዕሱን በሚገባ ዘርዝሮ ለጨረሰ ነው። ልጁ ሌሊቱን በደንብ ተርኮ ንጋቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፈው። ስለዚህ ከሱ በታች ያለው እርከን ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። አደረጃጀት 15። የጊዜ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጨረሻው ግን ተበታትኗል። ቃላት 14። ይህ ላይ ብዙ አመነታሁ። አንድ ነጥብ ቢቀነስ እርከኑ «ውስን» ወደሚባለው ይወርዳል። ያለችውን ጥቂት ቃል ይዞ ሐሳቡን ግን ሳያደናግር አድርሷል፤ በዚህ ምክንያት 14 ላይ ቆምኩ። ሥርዓተ ጽሕፈት 3። ስፔሊንጉም ካፒታል ሌተሩም ችግር አለበት።

ጭቅጭቁ ያለው ሰዋስው ላይ ነው። መለኪያው ላይ ከ18 እስከ 21 ያለው እርከን የቴንስ፣ የቁጥር፣ የአርቲክል ስህተት እየኖረ ትርጉም እምብዛም የማይጠፋበት ጽሑፍ ነው። ከ11 እስከ 17 ያለው ደግሞ ስህተቱ ተደጋግሞ ትርጉም የሚያምታታበት ወይም የሚያድበሰብስበት ነው። ከዚያ በታች የዓረፍተ ነገር አሠራር ጭራሽ ያልተያዘበት፣ ተነቦ የማይገባው ይመጣል። የልጁ ስህተት በብዛት መካከለኛው እርከን ውስጥ ይገባል፤ ትርጉሙ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ወደ እርከኑ ላይኛ ጫፍ አስጠግቼ 16 ሰጠሁ። ድምሩ 74 ሆነ።

ሁለተኛው አራሚ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጠኝ ሰው ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ትጉህ ነው፤ አንድም ፔፐር ሳያነብ አያልፍም። የሱ ማርክ ይዘት 19፣ አደረጃጀት 12፣ ቃላት 11፣ ሰዋስው 8፣ ሥርዓተ ጽሕፈት 2 ነው። ድምሩ 52። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ሰዋስው ላይ መለያየታችን አያስገርምም። ግን ይዘቱ ለምን 7 ነጥብ ወረደ? የስፌት መኪናው ታሪክ እሱም ያነበበው ያው ታሪክ ነው። ጋሼ እያነበበ በቀይ እስክርቢቶ ስህተት ያሰምራል። ሁለት ገጹን ሲጨርስ ወረቀቱ ደም መስሏል። ያንን ወረቀት እያየ ነው ይዘት ላይ ቁጥር የጻፈው። አንዱ መስፈርት ሌሎቹን አራቱን ይዟቸው ወረደ።

ለዚያ ወጣት በስልክ የነገርኩት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ያለ እስክርቢቶ አንብብ። እንደጨረስክ የይዘትና የአደረጃጀት ማርክህን ጻፍ። ከዚያ እስክርቢቶህን አንሳና ለቃላት፣ ለሰዋስውና ለሥርዓተ ጽሕፈት ሁለተኛ ጊዜ አንብብ። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ይዘህ ሁለት ጊዜ ማንበብ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛው ንባብ ፈጣን ነው፤ ታሪኩን አውቀኸዋልና። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ፔፐር ደግሞ ከሌላ መምህር ጋር አብራችሁ አርሙ፤ በተለያያችሁበት መስፈርት ላይ መግለጫውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አምስቱ ቁጥሮች በሁሉም ፔፐር ላይ አብረው እየወጡ አብረው የሚወርዱ ከሆነ ተጠራጠር። የልጅ ችሎታ እንዲህ እኩል አያድግም። ታሪክ የሚችል ስፔሊንግ አይችልም፤ ስፔሊንግ የሚችል የሚለው ነገር የለውም።

ስህተትም አትቁጠሩ እላለሁ። የተቆጠረ እንደሆነ ሁለት ገጽ የጻፈው ልጅ ዘጠኝ መስመር ከጻፈው ይልቅ ይቀጣል። ያ ልጅ የሠራው የቴንስ ስህተት ሃያ ቦታ ቢታይም ችግሩ አንድ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም ዓረፍተ ነገር በትንሽ ሆሄ ሲጀመር ማለፍ አልችልም ነበር። ማስመሬ አልቀረም። ጥሩነቱ ሥርዓተ ጽሕፈት 5 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ንዴቴ ከዚያ አያልፍም።

እዚያው ክምር ውስጥ ሌላ ፔፐር ነበር። ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ሰዋስውው የጠራ፣ ርዕሱ ግን «የትምህርት ጥቅም» ሆኖ የተሸመደደ። የማይረሳ ቀን የሚባል ነገር የለበትም። የመለኪያው ድክመት እዚህ ላይ ነው። የይዘት ዝቅተኛው ማርክ 13 ነው። ሌላው ሁሉ ሙሉ ቢሆን ከርዕስ የወጣ ድርሰት 83 ሊያገኝ ይችላል። አምስቱም መስፈርት ላይ የመጨረሻውን ያገኘም ቢሆን ከ34 በታች አይወርድም። ይህን ሳታውቁ መቶውን ወደ አሥር ብትቀይሩ ምንም ያልቻለ ልጅ 3.4 ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ማረም ሳትጀምሩ ከርዕስ ለወጣና ለባዶ ወረቀት ምን እንደምታደርጉ ተስማሙ። ሽምደዳው ደግሞ ዛሬ ብሷል። የዘንድሮ ልጆች ሦስት አራት ድርሰት በቃላቸው ይዘው ነው ፈተና የሚገቡት። አልፈርድባቸውም፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ማን ከልቡ መጻፍ ይለማመዳል?

ወደ ልጁ ልመለስ። በ74 እና በ52 መካከል 22 ነጥብ አለ። ልዩነቱ ከ10 ካለፈ ሦስተኛ ሰው ሊያነበው ይገባ ነበር። ማርክ ማስገቢያው ቀን ደርሶ ስለነበር አማካዩ ተወሰደ፤ 63። ይህ ቁጥር የኔንም የጋሼንም ንባብ አይወክልም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እሱ ብቻ ነበር። አምስቱ ማርኮች ያሉበት ቅጽ በትምህርት ቤቱ አሠራር ቢሮ ነው የሚቀረው።

ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ምኑ ላይ ነው የጎደለኝ?» አለኝ። በቀይ የተሰመረውን ሁሉ ገልብጦ እያሳየኝ ነበር። በሚቀጥለው ፈተና ሰባት መስመር ጻፈ። አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር። አንድም ስህተት የለበትም። ስለ አንድ እሑድ ነው፤ ቁርስ በላሁ፣ ቤተ ዘመድ ሄድኩ፣ ተመለስኩ ይላል። ይዘት ላይ 18 አገኘ። ከዚያ በኋላ ረዥም ድርሰት ጽፎልኝ አያውቅም። የሚቆጨኝ ይህ ነው። 26 ቁጥሩን አይቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ዘንድ የሚያስከብረው ምኑ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ድምሩን ብቻ አትመልሱ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ አምስቱን ቁጥር ጻፉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሥሩ አንድ መስመር፣ አንድ ብቻ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ላይ እንዲሠራ ጨምሩ። ለዚያ ልጅ ቢሆን «ያለፈውን ነገር ባለፈ ጊዜ ግስ ጻፍ» ይበቃው ነበር። አርቲክሉን ለሌላ ጊዜ ተዉት።