ፖስተሩ ላይ ምን ይቅደም?

«የነርሶች እጅ ንጽህና ላይ የሠራነው ፕሮጀክት ለኮንፈረንስ አልፏል። ፖስተርና የ3 ደቂቃ ገለጻ አለብኝ። ከየት ልጀምር?»

ከውጤቱ ጀምሪ። ርዕሱ ራሱ ግኝቱን ይናገር። መግቢያው ከሦስት መስመር አይለፍ፤ ረጅሙን ቆሞ የሚያነብልሽ የለም።

ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቂ። ለምሳሌ «45 በመቶ» ብቻ አይበቃም። «ከታዩት 40 አጋጣሚዎች በ18ቱ እጅ ጸድቷል» ብትይ ናሙናው ትንሽ መሆኑ እዚያው ይታያል። ደግሞ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ከወትሮው በተሻለ ይጠነቀቃል። ይህን ድክመት ጠያቂ ሳይቀድምሽ ራስሽ አንሺው።

ስታቀርቢ ፖስተሩን አታንብቢ። ከ3 ደቂቃው ግማሹን ለግራፉ ስጪ፤ አግድሙና ቁመቱ ምን እንደሚለኩ በጣትሽ እያሳየሽ አስረጂ። የታካሚ ፊት ወይም የካርድ ቁጥር የሚታይበት ፎቶ ካለ፣ ከናካቴው አውጪው።