ኢንሹራንስ እያለኝ ለምን እኔ ክፈል እባላለሁ?

ጥያቄ፦ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨን። የትራፊክ ፖሊስ 70 በመቶ ጥፋቱ የእኔ፣ 30 በመቶው የእሱ ነው አለ። እኔ ያለኝ የግዴታው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። እሱ ሙሉ ዋስትና ስለነበረው መኪናው በ100 ሺህ ተሠርቶለታል። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ሳስብ፣ ከሁለት ወር በኋላ የእሱ ኢንሹራንስ 90 ሺህ ክፈል ብሎ ደብዳቤ ላከብኝ። የእኔ መኪና ደግሞ 60 ሺህ ጥገና ይፈልጋል፤ እጄም ተጎድቷል። ኢንሹራንስ እያለኝ ለምን እኔ እከፍላለሁ? የእኔንስ ማን ይሠራልኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንዎ። ለዚያ ደብዳቤ ብቻዎን መልስ አይስጡ፤ ገንዘብም አይክፈሉ። ለምን እንደሆነ ከታች ግልጽ ይሆናል።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እርስዎ አረቦኑን ይክፈሉት እንጂ ለእርስዎ ጉዳት የተገባ አይደለም። በመኪናዎ ምክንያት ለተጎዳ ሌላ ሰው ነው። አንደኛው ወገን እርስዎ ነዎት፣ ሁለተኛው ኩባንያው፣ ሦስተኛው ተጎጂው። ስለዚህ የእርስዎ ኩባንያ የእርስዎን መኪና አይሠራም። ሹፌሩ እርስዎ ከነበሩ ለእጅዎ ሕክምናም በዚህ ውል አይከፍልም፤ በራስዎ ውል ሦስተኛ ወገን አይደሉምና። ሙሉ ዋስትና ግን ሁለት ውል በአንድ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ክፍል የራስን መኪና ይሠራል። ሌላው በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ከግዴታው ጣሪያ በላይ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የእሱ ኩባንያ መኪናውን ጠግኖ ሲጨርስ፣ ባለመኪናው እርስዎን ለመጠየቅ የነበረው መብት ወደ ኩባንያው ይሻገራል። ይህ በሕግ ዳረጎት ይባላል። ኩባንያው በደንበኛው እግር ይተካል ማለት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነጥብ አለ። በሰው እግር የተተካ ከዚያ ሰው የበለጠ መብት አያገኝም። ባለመኪናው ራሱ 30 በመቶ አጥፍቷል። እርስዎን ቢከስ ኖሮ ከ100 ሺህ ውስጥ ማግኘት የሚችለው 70 ሺህ ነው። ታዲያ ኩባንያው 90 ሺህ የሚጠይቀው በምን ሂሳብ ነው?

የመጣበትን እነግርዎታለሁ። ከ100 ሺህ ውስጥ 10 ሺህ ኤክሰስ ይመስላል፤ ባለመኪናው በውሉ መሠረት ከኪሱ የሚችለው ድርሻ ማለት ነው። ኩባንያው የከፈለው 90 ሺህ ስለሆነ ያንኑ እንዳለ መልሶ ጠየቀ፤ የደንበኛውን ጥፋት ግን አልቀነሰም። በጥፋት ልክ ሲታይ የኩባንያው ድርሻ የ90 ሺህ 70 በመቶ፣ ማለትም 63 ሺህ ነው። የቀረውን 7 ሺህ ባለመኪናው ስለ ኤክሰሱ ሊጠይቅ ይችላል። ክፍፍላቸው በውላቸው ሊለያይ ይችላል። ሁለቱ ተደምረው ግን ከ70 ሺህ አያልፉም።

በዚህ ላይ 100 ሺውም ራሱ መፈተሽ አለበት። የጋራዡን ደረሰኝ፣ የገማቹን ሪፖርት፣ የክፍያ ማስረጃውን እና የትራፊክ ሪፖርቱን ቅጂ ጠይቁ። ከግጭቱ ጋር የማይገናኝ ሥራ ገብቶ አገኛለሁ፤ ፊት ለፊት የተጋጨ መኪና የኋላ በሩም ተቀብቶ ይታያል። ያረጀ ጎማ በአዲስ ተተክቶ ከሆነ፣ ለጨመረው ዋጋ እርስዎ ባለዕዳ አይደሉም። የትራፊክ ፖሊሱ መቶኛም የመጨረሻ ቃል አይደለም። ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ግን ክርክር ከተነሳ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ታዲያ ያንን 70 ሺህ ማን ይክፈል? መጀመሪያ የእርስዎ የሦስተኛ ወገን ኩባንያ ነው። ነገር ግን እዚህ ሁለት ገደቦች አሉ። አንደኛው፣ የግዴታው ኢንሹራንስ ለንብረት ይከፍላል ወይ የሚለው ከአገር አገር ይለያያል። በአውስትራሊያ የግዴታው ለአካል ጉዳትና ለሞት ብቻ ነው፤ የተሰበረ መኪና አይመለከተውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ንብረትም ይካተታል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሁለቱንም ይሸፍናል። ሁለተኛው ገደብ ጣሪያው ነው። ለምሳሌ የንብረት ጣሪያዎ 50 ሺህ ቢሆን፣ ኩባንያዎ እስከዚያ ይከፍላል፤ የቀረው 20 ሺህ ግን የእርስዎ የግል ዕዳ ነው። ሕጉ ጣሪያ ያበጀው ለኩባንያው ግዴታ ነው። የእርስዎ ኃላፊነት ጣሪያ የለውም። ደንበኞቼን በጣም የሚያስደነግጣቸው ይህ ነው።

የእርስዎ መኪናም ሙሉ በሙሉ ሜዳ ላይ አልቀረም። ባለ ሙሉ ዋስትናው 30 በመቶ አጥፍቷል፤ ስለዚህ ለእሱ እርስዎ ሦስተኛ ወገን ነዎት። ከ60 ሺህ ውስጥ 18 ሺውን የእሱ ኩባንያ ይከፍልዎታል። ለእጅዎ ሕክምናና በጉዳቱ ላጡት ገቢም እንደዚሁ በጥፋቱ ልክ ይጠይቃሉ። ደብዳቤ የላከብዎት ኩባንያ ራሱ የእርስዎ ባለዕዳ ነው። 42 ሺህ ግን ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ሙሉ ዋስትና ቢኖርዎት ኖሮ ኩባንያዎ 60 ሺውን ኤክሰስ ቀንሶ ይሠራልዎትና፣ 18 ሺውን ለማስመለስ እሱ ይሟገት ነበር።

ሙሉ ዋስትናም በስሙ ልክ ሙሉ አይደለም። ለአንዳንድ መለዋወጫ የእርጅና ቅናሽ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን መኪናን ከዋጋው በታች ማስገባት ነው። አረቦን እንዲቀንስ ብሎ ዋጋውን በግማሽ ያስመዘገበ ሰው፣ ውሉ የማመጣጠን አንቀጽ ካለው፣ በትንሽ ግጭት እንኳ የጥገናውን ግማሽ ነው የሚያገኘው። ሰው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ የሚጎዳው ይመስለዋል።

ሌላም ልዩነት አለ። ሹፌሩ ጠጥቶ ወይም ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ቢጋጭ፣ ሙሉ ዋስትናው የራሱን መኪና አልሠራም ይላል። የግዴታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለተጎጂው መክፈል አለበት። ከከፈለ በኋላ ወደ ራሱ ደንበኛ ዞሮ ያስከፍለዋል። ተጎጂው ይጠበቃል፤ አጥፊው አያመልጥም።

ብቻዎን አይመልሱ ያልኩት ለዚህ ነው። የኢንሹራንስ ውሎች ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋትን ማመንን ወይም መደራደርን ይከለክላሉ። "እሺ፣ ከፋፍዬ ልክፈል" የምትል አንዲት መልእክት ለኩባንያዎ የእምቢታ ምክንያት ልትሆን ትችላለች። አደጋውን ሲደርስ አሳውቀው ከነበረ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ወስደው ያስረክቡ፤ በቅጂው ላይም የተቀባይ ማኅተም ያስመቱ። አላሳወቁ ከሆነ መዘግየቱን የሚያስረዳ ማመልከቻ ይጨምሩ። ለላከው ኩባንያ ደግሞ "ጉዳዩን ለኢንሹራንሴ አስተላልፌያለሁ" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የራስዎን የ18 ሺህ እና የሕክምና ጥያቄ ግን በተለየ ደብዳቤ፣ ከደረሰኞችና ከሐኪም ማስረጃ ጋር አሁኑኑ ያስገቡ። የይርጋ ጊዜው እርስዎ ስለ 90 ሺው ሲጨነቁ ቆሞ አይጠብቅም።