ሳተርን እስኪያልፍ ሽማግሌ መላክን ማዘግየት ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው፤ በጥር 1989 ተወልጄ ዘንድሮ 29 ዓመት ሞላኝ። ገንዘብ ከፍዬ በስልክ ያሠራሁት የኮከብ ትንታኔ፣ ሳተርን በልደቴ ጊዜ ወደነበረበት ቦታ ስለተመለሰ ትዳር እንዳልጀምር ይላል። ደሴ ያሉት አባቴ ግን ዘንድሮ ሽማግሌ ይላክ ብለዋል፤ የታናሽ እህቴም የትምህርት ወጪ በእኔ ላይ ነው። እስኪያልፍ ብጠብቅ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድማችን ሆይ፣ ሳተርን ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመጨረስ 29 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህን መቀበል ነውር የለበትም። ቤተ ክርስቲያናችንም በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቆጥራ አጽዋማትንና በዓላትን ታወጣለች፤ ብርሃናት የተፈጠሩት ዕለታትንና ዓመታትን እንዲያመለክቱ ነውና (ዘፍ. 1፥14)። የሚወገዘው ዑደቱ የሰውን ዕድል ይወስናል፣ ትዳሩን ያፈርሳል ወይም ያጸናል ማለት ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስ አሕዛብ የሚፈሩትን የሰማይ ምልክት እንዳንፈራ ያዘዘው ስለዚህ ነው (ኤር. 10፥2)።

የራስህን ነገር እንመርምር። ሳተርን ኮከብ ቆጣሪዎች ሐመል በሚሉት የሰማይ ክፍል የቆየው ከመጋቢት 1988 መጨረሻ እስከ ሰኔ 1990 መጀመሪያ፣ ዳግመኛም ከጥቅምት እስከ የካቲት 1991 ነበር፤ በግንቦት 2017 ለጥቂት ወራት ገብቶ ወጣ፣ በየካቲት 2018 ደግሞ ተመልሶ ገባ። ወደኋላ የሄደ የሚመስለው ምድር በፈጣን ዑደቷ ስለምትቀድመው እንጂ እርሱ መንገዱን ለውጦ አይደለም። እንግዲህ በእነዚያ በድምሩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዓለም ሁሉ የተወለዱ ሰዎች በሙሉ «ሳተርን ተመለሰባቸው» ሊባሉ ነው። ከእነርሱ አንዱ ያገባል፣ ሌላው ይመነኵሳል፣ ሌላው ወደ ዓረብ አገር ይሰደዳል፣ ሌላዋ ሦስተኛ ልጇን ታቅፋለች፤ ምልክቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከዚያም በላይ ኮከብ ቆጣሪዎቹ የሰማዩን ክፍሎች የሚሰፍሩት በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ ከምትገኝበት ነጥብ ተነሥተው ስለሆነና ያ ነጥብ ከ2000 ዓመታት ወዲህ ከከዋክብቱ አንጻር ስለተንሸራተተ፣ በየካቲት 2018 «ሐመል ገባ» ሲሉ ሳተርን በዓይን ይታይ የነበረው በሑት ከዋክብት አካባቢ ነው። ስሌታቸው በራሳቸው ዘንድ የታወቀ ስምምነት እንጂ የምታየው ሰማይ አይደለም።

ነገር ግን የሚሰማህ ክብደት እውነተኛ ነው፤ ምንጩም ከሰማይ ሳይሆን ከቤትህ ነው። በእኛ አገር ሰው በዚህ ዕድሜው ትምህርቱን ጨርሶ ደመወዝ መቁጠር ሲጀምር ወላጆቹ ደክመው፣ ታናናሾቹ ገና እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል፤ የበኩር ልጅ ከሆነማ ጥያቄው ይበዛበታል። ዮሴፍ በፈርዖን ፊት የቆመው፣ ዳዊትም የነገሠው በ30 ዓመታቸው ነው (ዘፍ. 41፥46፤ 2ሳሙ. 5፥4)፤ ሌዋውያንም ለመገናኛው ድንኳን አገልግሎት የሚቆጠሩት ከ30 ዓመት ጀምሮ ነበር (ዘኍ. 4፥3)። አንዳንድ ኮከብ ቆጣሪዎች እነዚህን ጥቅሶች ለሳተርን ምስክር አድርገው ሲጠቅሱ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ መጽሐፉ የሚናገረው ለሥራ ስለ መብቃት ሲሆን፣ ያንተ ትንታኔ ግን ሥራውን ተው እያለህ ነው።

መጠበቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ራስህን እንዲህ ጠይቅ፦ ስለ ሳተርን ምንም ባልሰማ ኖሮ ዘንድሮ ሽማግሌ እልክ ነበርን? «አዎን» ካልክ፣ የሚያዘገይህ ፍርሃት ነውና አትታዘዘው። «የእህቴ ትምህርት እስኪያልቅ አልችልም» ካልክ ግን ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረውን እየፈጸምህ ነው (ሉቃ. 14፥28)። እንደዚያ ከሆነ የቤት ኪራይህን፣ የእህትህን ወጪና ለአባትህ የምትልከውን ከደመወዝህ ጋር በወረቀት ጽፈህ ለአባትህ አሳያቸው፤ ብዙ ወላጆች ልጃቸው እምቢ ያለ የሚመስላቸው ሒሳቡን ስላላዩ ነው። ሌሎች ወንድሞችና እህቶች ካሉህም የታናሽህን ወጪ በአንተ ትከሻ ብቻ አትተወው፤ አባትህ ራሳቸው ጠርተው ቢያከፋፍሉት ቅሬታ አይኖርም። ለልጅቷ ቤተሰብም ኃላፊነትህን ከመጀመሪያው በሽማግሌዎቹ በኩል ግለጽ፤ ከሠርግ በኋላ የሚሰማ የእህት ክፍያ ጠብ ያመጣል።

ሽማግሌ በፈለጋችሁበት ጊዜ ሊላክ ይችላል፤ ሠርጉ ግን በዐቢይ ጾም ስለማይደረግ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት አጥቢያችሁን አማክሩ። ገንዘብ ከፍለህ ያሠራኸውን ትንታኔ በተመለከተ፣ ጥንቆላን መጠየቅ የተከለከለ ስለሆነ (ዘዳ. 18፥10-12) ለንስሐ አባትህ ተናዘዝ፤ ቀኖናውን የሚሰጡህም እርሳቸው ናቸው። በየቀኑ መልእክት የሚልክልህን የኮከብ መተግበሪያም ከስልክህ አጥፋው።