መልስ፦ የመጨረሻው ስላይድ ላይ ምንጭ ስለ መጻፍ

«ስለ ድንቅነሽ ዘጠኝ ስላይድ ሠርቻለሁ። መጨረሻው ላይ ‹ምንጭ፦ ኢንተርኔት› ብል ይበቃል? ስላይድ 2 ‹በ1974 ዓ.ም. ተገኘች› ይላል፤ ስላይድ 5 ‹የመጀመሪያዋ ሰው› ይላል።»

አይበቃም። አንባቢ ፈልጎ የሚያገኘውን ይጻፉ፦ የስላይዱን ቁጥር፣ ቀጥሎ ጸሐፊውን፣ ርዕሱንና ዓመቱን። ያላነበቡትን ጽሑፍ ግን አይጥቀሱ፤ መረጃውን ያገኙት ከጋዜጣ ከሆነ ጋዜጣውን ይጥቀሱ።

ሁለቱ ስላይዶች ሳይታረሙ አይለጠፉ። 1974 የፈረንጆች ዓመት ነው፤ ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው። ከውጭ ጽሑፍ የተቀዳ ዓመት ሁሉ በዚህ መንገድ ሊሳሳት ይችላልና አንድ በአንድ ይዩት። «የመጀመሪያዋ ሰው» የሚለው ፈጽሞ ይውጣ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ እዚያው አፋር የተገኘችው አርዲ የተባለች ቅሪተ አካል ግን 4.4 ሚሊዮን ገደማ ናት፤ ከድንቅነሽ ትቀድማለች።

ፎቶው ምንጩን ጠቅሶ መጠቀም የሚፈቅደው CC BY-SA 4.0 ፈቃድ ካለው የአንሺውን ስም፣ የፈቃዱን ስም፣ ከቆረጡት ወይም ቀለሙን ከቀየሩትም ይህንኑ ያስፍሩ። «ከጉግል የተወሰደ» ማለት ለአንሺው ምንም አይሰጠውም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰዎች አንዱን ስላይድ ብቻ ቀድተው በቴሌግራም ሲያዞሩት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የምንጩ ስላይድ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥር ባለበት ስላይድ ግርጌ ላይ ምንጩን በአጭሩ ይድገሙት።