ደሴ ላይ 760 አይሠራም፦ በውሃ ላይ ስለተሰበሰበ ጋዝ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ ቲቸር፣ 0.194 ግራም ዚንክ በአሲድ ጨርሼ አሟሟሁ። በ20 ዲግሪ 100 ሚሊ ሊትር ጋዝ ሰበሰብኩ። የውሃውን ትነት ቀንሼ ስሠራው ግን ዚንኩ 0.266 ግራም ነው ይለኛል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ትነቱን መቀነስህ ልክ ነው። ችግሩ የቀነስክበት ቁጥር ነው። 0.266 የሚመጣው ከ760 ስትነሳ ነው፤ እሱ የባሕር ጠለል ግፊት ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። የውሃ ትነት በ20 ዲግሪ 17.5 ይይዛል። የቀረው 542.5 የሃይድሮጅኑ ነው። እሱን በ n = PV/RT ስታሰላው 0.00297 ሞል ይሰጥሃል። አንድ ሞል ዚንክ አንድ ሞል ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ፣ በ65.4 አባዛው። ያው የመዘንከው 0.194 ግራም መጣ! ካስገባኸው በላይ ካገኘህ መጀመሪያ ግፊቱን ጠርጥር።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ እዚህ ውሃ ቶሎ ይፈላል አይደል? ስለዚህ ትነቱም ይበዛል፤ 17.5ን ከፍ ማድረግ አለብን።

ግማሹ ልክ ነው፤ ደሴ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግን ይህ የሆነው ከላይ የሚጫነው አየር ስለቀለለ ነው። የትነቱን ግፊት የሚወስነው የውሃው ሙቀት ነው፤ በ20 ዲግሪ የትም 17.5 ነው። የሚጨምረው ድርሻው ነው። 17.5 ለ560 ሲካፈል የውሃው ሞል ፍራክሽን 0.031 ይሆናል፤ ባሕር ጠለል ላይ 0.023 ነበር። ሳትቀንስ ብትተወው እዚህ የበለጠ ትሳሳታለህ።

ከኮምቦልቻ፣ የፊዚክስ መምህር፦ የስልኬ የአየር ሁኔታ አፕ ለደሴ 1015 ሄክቶፓስካል ይላል። እርስዎ 560 ያሉት ከየት አምጥተው ነው?

አፑ ቁጥሩን ወደ ባሕር ጠለል አስተካክሎ ነው የሚያሳየው፤ የተለያየ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞችን ለማወዳደር ይጠቅማል። ለቤተ ሙከራ ግን አይሆንም። ስልክዎ የራሱ ባሮሜትር ካለው ደሴ ላይ 747 ገደማ ያነባል፤ 560 ማለት እሱ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ወደ 810 ይጠጋል፤ በሜርኩሪ 607 አካባቢ። የደሴውን ቁጥር ይዘው እንዳይወርዱ። አየሩም ትንሽ ስለሚዋዥቅ በዕለቱ ማንበብ ይሻላል።

ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ፦ እኔ ደግሞ ከእብነ በረድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስሰበስብ ሁሌም ያንሰኛል። በዚሁ ሒሳብ ይስተካከላል?

ያንቺ ሌላ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ የሟሟውን ደግሞ ትነት መቀነስ አይመልሰውም። ቀድመሽ ጋዙን በውሃው ውስጥ ብታሳልፊ ጉድለቱ ይቀንሳል፤ በጋዝ ሲሪንጅ መሰብሰብ ግን ይሻላል። የውሃውንም ከፍታ እዪ። ቱቦው ውስጥ ያለው ከውጪው በ13.6 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ የውስጡ ግፊት ከውጪው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያንሳል። ቱቦውን ዝቅ አድርገሽ ሁለቱን ካስተካከልሽ በኋላ አንብቢ። ያንቺ ጉድለት ስንቱ ከመሟሟት እንደሆነ፣ ከፍታውም ንባቡን ምን ያህል እንዳዛባው በጻፍሽው ብቻ መለየት አልችልም። የመዘንሽውን እብነ በረድና የውሃውን ሙቀት ላኪልኝ።