«ገና ሳላረግዝ ለምን ልውጥ?» ስለ ፎሊክ አሲድ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ለብዙ ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዛሬ ስለ ፎሊክ አሲድ ጠይቁኝ። ስለ ፀጉር መርገፍ ግን ይቅርባችሁ።

ሙሽሪት፦ ሲስተር፣ እርግዝናው ሲረጋገጥ ብጀምርስ?

ሲስተር፦ ነይ ቀን እንቁጠር። የመጨረሻ የወር አበባሽ መስከረም 1 መጣ እንበል፣ ዑደትሽም 28 ቀን ነው። የምትፀንሺው መስከረም 15 አካባቢ ነው። ቀጣዩ መስከረም 29 ሊመጣ ይገባ ነበር፣ ቀረ። «ድካም ይሆናል» ብለሽ ሳምንት ትጠብቂያለሽ። ጥቅምት 6 ተመርምረሽ ሁለት መስመር ታያለሽ። ክትትል የምትጀምሪው ኅዳር ነው፣ እሱም ከፈጠንሽ።

አሁን የልጁን ቀን ቁጠሪ። አንጎሉና ህብለሰረሰሩ የሚሆነው ነገር መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ ሁለቱ ጠርዞች ተነስተው ይገጥሙና ቱቦ ይሆናል። ይህ የሚያልቀው ከተፀነሰ እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በእኛ ቁጥር ጥቅምት 13። ከታች ሳይገጥም ከቀረ ጀርባው ላይ ክፍተት ይቀራል፣ ስፓይና ቢፊዳ የምንለው ነው። ከላይ ከሆነ ደግሞ ራስ ቅሉና አንጎሉ በትክክል አይሠሩም፤ ያ ልጅ አይኖርም። ቱቦው በደንብ እንዲገጥም የሚረዳው ቫይታሚን ፎሊክ አሲድ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን መስመር ባየሽ ቀን የቀረሽ አንድ ሳምንት ነው። ፎሊክ ደግሞ ሰውነት ውስጥ በደንብ ለመጠራቀም ሳምንታት ይፈልጋል። ኅዳር ላይ ክኒኑን ስትቀበዪ ጀርባው አልቆለታል። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመሽ ጀምሪ፤ ሁለት ሦስት ወር ቢሆን ይሻላል። እስከ 12ኛው ሳምንት ቀጥዪ። ምርመራ አትጠብቂ።

የሂርማታ ልጅ፦ እኛ ቤት ጎመንና ሽሮ አይጠፋም። ክኒን ምን ያደርጋል?

ሲስተር፦ ጎመንም ምስርም ፎሌት፣ ማለትም ምግብ ውስጥ ያለው ፎሊክ፣ አላቸው፤ እውነትህን ነው። ግን ጎመኑ ረጅም ሲቀቀል ብዙው ይጠፋል፣ ውኃው ሲደፋ የቀረውም አብሮ ይሄዳል።

እማማ ቆንጂት፦ እኔ ሰባት ወልጃለሁ፣ ክኒን በዓይኔ አላየሁም። ሁሉም ደህና ናቸው።

ሲስተር፦ ተመስገን ነው እማማ። ያለ ክኒን የሚወለደው አብዛኛው ደህና ነው። እኔ የማወራው ስለቀሩት ነው።

የሂርማታ ልጅ፦ ውኃውን ካልደፋሁስ? ሾርባ ባደርገው?

እማማ ቆንጂት፦ ጎመን ውኃው ካልተደፋ ይመርራል ልጄ።

ሲስተር፦ የጎመን አሠራር ሌላ ቀን።

ባለቤቷ፦ ሚስቴ 5 ወሯ ነው። ዛሬ ገዝቼ ልጀምርላት?

ሲስተር፦ ከላይ ያለውን አላነበብክም። ለጀርባው ዘግይቷል። ለደሟ ግን አይረን ፎሌት፣ አይረንና ፎሊክ አንድ ላይ ያለበት ክኒን፣ ያስፈልጋታል፤ ወደ ክትትል ውሰዳት።

የቆቺዋ እናት፦ ሲስተር፣ የመጀመሪያ ልጄ ጀርባው ላይ እብጠት ይዞ ተወለደ። አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ እግሩ ግን አይታዘዝለትም። ሌላ ልጅ ፈራሁ።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ያንቺ መልስ ከሙሽሪት ይለያል። ላንቺ 400 አይበቃም። በ1991 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለዱ እናቶች በቀን 4 ሚሊግራም ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከሚደገሙት ከ10 ሰባቱን ያህል አስቀርቷል። መድኃኒት ቤት የምታገኚው ብዙ ጊዜ ባለ 5 ሚሊግራም ነው፤ ለእንዳንቺ ያሉት የሚታዘዘውም እሱ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ፣ ለማርገዝ መሞከር ከዚያ በኋላ ይሁን። ብዛት ለማግኘት ብለሽ መልቲቫይታሚን አሥር አሥር እንዳትውጪ። ውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ፅንስ ይጎዳል። ደግሞም ፎሊኩ ሁሉንም አያስቀርም፤ በሰዓቱ ወስደውም የሚደርስባቸው አሉ። የልጅሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ፋርማሲስቱ፦ እኛ ጋ ትንሿ፣ ባለ 400ዋ፣ በብዛት አትገኝም። ለሁሉም ባለ 5 እንሰጣለን፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል።

ሲስተር፦ ግማሹ ልክ ነው፣ ይወጣል። ግን ብዙ ፎሊክ የቢ12 እጥረትን በደም ምርመራ ይደብቃል፤ ነርቩ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ቢ12 የሚገኘው ከስጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ እነሱን የማይነካ ሰው ስንት አለ።

ፋርማሲስቱ፦ ታዲያ ባዶ እጇን ትመለስ?

ሲስተር፦ አላልኩም። አይረን ፎሌቱ ውስጥ 400 አለ፣ እሱን ስጣት።

ፋርማሲስቱ፦ አይረኑ ሆዷን ሲያደርቃት ታቆመዋለች ሲስተር፣ አይቻለሁ።

ሲስተር፦ እሱም አለ።

ቡና ወዳድ፦ ቡና ያጠፋዋል?

ሲስተር፦ ፎሊኩን አይደለም፣ አይረኑን ነው። ሁለት ሰዓት አራርቂ።

ስሟን ያልገለጸች፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ቫልፕሮኤት።

ሲስተር፦ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቆሚ። እንዳታረግዢም፣ ሐኪምሽን ሳታዪ። ቫልፕሮኤት ራሱ ይህን ችግር ያመጣል፣ ሊቀየርልሽ ይችላል። የፎሊኩንም መጠን እሱ ይወስን።

አዲስ ገቢ፦ ሲስተር፣ ፎሊክ መቼ ይጀመራል?

ሲስተር፦ መስከረም 1 ከሚለው ጀምረሽ አንብቢ።